ሳይዘጋ የተላከው ኢሜይል

(በመተማ ዮሐንስ ለመጋዘን፣ ለግዢና ለጽሕፈት ሠራተኞች የቀረበ ዲስኩር)



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ኢሜይል ላንብብላችሁ። ጸሐፊው እኔው ነኝ፤ ማንንም ላለማሳጣት ብዬ ለዛሬ ምሽት ያዘጋጀሁት ነው። ሆኖም በሰሊጥ ወቅት በዚህ ቆላ ደብዳቤ ሲጽፍና ሲያርም የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ እንዳየ አይቆጥረውም። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት። የመጋዘን ሠራተኛው ግቢው ውስጥ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የሚዛን ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ጎንደር ላሉት ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ሲል ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ የመጀመሪያው መኪና ደርሷል ትናንት ማታ 120 ኩንታሉ ተራግፏል፣ ሁለተኛው መኪና ተመዝኖ መጋዘን አልገባም፣ ከገንዳ ውሃ ደውለው ግቢ ውስጥ እንዲያድር ፈቅደው ሹፌሩ መኪናውን አቁሟል፣ ደመና ስላለ ሸራ ገዝቼ ጭነቱን ሸፍኜ ላሳድረው ወይስ ዛሬ ማታ ይራገፍ መልስዎን እጠብቃለሁ»

ቃላቱ 38 ናቸው። አራት ነጥብ አንድም የለም። ይህን ለአንድ ጓደኛችሁ ብታነቡለት «ገባኝ» ይላችኋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ገንዘብ የሚያወጡ ሰው ናቸውና ስልክ ያነሣሉ፤ አራት ጥያቄም ይጠይቃሉ። ትናንት ማታ የደረሰው ነው ወይስ የተራገፈው? ሁለተኛው መኪና ተመዝኗል ወይስ አልተመዘነም? የደወለውና የፈቀደው ማን ነው? ሸራው ተገዝቷል ወይስ ሊገዛ ነው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለነዚህ አራት ጥያቄዎች ነው። ኢሜይሉን እንደ አዲስ ሳንጽፍ፣ ጸሐፊው የመረጣቸውን ቃላትም ሳንጥል፣ ከጥቂት ፊደል፣ ከጥቂት ቃልና ከጥቂት ምልክት በላይ ሳንነካ እንዘጋቸዋለን።

የእንግሊዝኛ መምህራን ኮማን አጥብቀው የሚቆጣጠሩበት ምክንያት አላቸው። በእንግሊዝኛ ግሱ መሀል ላይ ይቀመጥና ከሱ በኋላ ገና ብዙ ነገር ይከተላል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ የሚነግረን ነጥቡ ነው። የእኛ ቋንቋ በዚህ በኩል ደግ ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ደርሷል»፣ «አቁሟል»፣ «እጠብቃለሁ» ሲባል ጆሮ ራሱ በር ይዘጋል፤ ነጥቡ ቢረሳም ነገሩ ማለቁ ይታወቃል። የትምህርት ቤት ሰዋስው ይህን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ያለው በከንቱ አይደለም፤ ነዶው የሚታሰርበት ገመድ ማለት ነው።

አማርኛ ላይ ችግሩ የሚፈጠረው ወይ የማሰሪያው ቦታ ሲዛባ፣ ወይ ማሰሪያው ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ነጠላ ሰረዟ ብዙ ጊዜ ምልክቱ እንጂ በሽታው አይደለችም። እጇን ሰብስባ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ እያለች ዕቃ ስትቆጥር ከኖረች ሰረዝ በላይ ጥፋተኛው «ቦዝ አንቀጽ» ነው፦ «ደርሶ»፣ «ገዝቼ»፣ «ተመዝኖ»። ቦዝ ማለት ሥራ ፈት ነው፤ ቦዘኔ የምንለው ከዚሁ የወጣ ነው። ቦዝ አንቀጽ ሥራ ፈት የተባለው የራሱ ጊዜ ስለሌለው ነው። «ገዝቼ» ብቻውን ትናንት ይሁን ነገ አይታወቅም። ጊዜውን የሚበደረው ከፊቱ ከሚመጣው ማሰሪያ ነው። «ገዝቼ መጣሁ» ስል ግዢው አልፏል፤ «ገዝቼ እመጣለሁ» ስል ገና ነው፤ «ገዝቼ ልምጣ?» ስል ደግሞ ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ፊደሉ አልተለወጠም።

እንግዲህ ወደ ሸራው እንሂድ። «ደመና ስላለ ሸራ ገዝቼ ጭነቱን ሸፍኜ ላሳድረው ወይስ ዛሬ ማታ ይራገፍ»። ማሰሪያው «ላሳድረው» ነው፤ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄነቱም ወደ ኋላ ተመልሶ «ሸፍኜ»ንም «ገዝቼ»ንም ይነካል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «ሸራ ልግዛ?» ተብለው እንደተጠየቁ አድርገው ቢያነቡት አይፈረድባቸውም። የጥቅምት ደመና በዚህ አገር ቀልድ አይደለም፤ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ የደረሰ ሰሊጥ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉና «አዎ ግዛ» ብለው ይመልሳሉ። ሠራተኛው ግን ሸራውን ከሰዓት በፊት ገዝቶታል። አሁን ወይ ሁለት ሸራ ይኖራል፣ ወይ ሒሳብ ሲዘጋ «ሳይፈቀድ ለምን ተገዛ» የሚል ነገር ይመጣል።

መድኃኒቱ ትንሽ ነው። «ገዝቼ» የሚለውን «ገዝቻለሁ» አድርጉና አራት ነጥብ ጨምሩ፦ «ደመና ስላለ ሸራ ገዝቻለሁ። ጭነቱን ሸፍኜ ላሳድረው ወይስ ዛሬ ማታ ይራገፍ?» ያለቀው ነገር አንድ ወገን፣ የሚጠየቀው ነገር ሌላ ወገን ሆነ። «ሸፍኜ»ን ግን አልነካኋትም። መሸፈኑም ማሳደሩም ገና የሚጠየቅበት ነውና ጊዜዋን ከ«ላሳድረው» ብትበደር ምንም አይጎዳም። ሸራው ገና ካልተገዛ ደግሞ «ሸራ ልግዛና ጭነቱን ሸፍኜ ላሳድረው» ይበል፤ ያን ጊዜ የገንዘቡም ጥያቄ በግልጽ ተጠየቀ።

መመርመሪያው ይህ ነው። ቦዙ ላይ ጣታችሁን አሳርፉና «ሆኗል ወይስ ገና ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከማሰሪያው ጋር አንድ ከሆነ ተዉት። ከማሰሪያው ከተለየ ግን ቦዙን እዚያው እሰሩት።

አሉታ የባሰ ነው። «ሁለተኛው መኪና ተመዝኖ መጋዘን አልገባም»። ይህን ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንዱ ንባብ፦ ተመዝኗል፣ ግን አልገባም። ሌላው ንባብ፦ ተመዝኖ መግባት የሚባለው ነገር ጨርሶ አልተፈጸመም፤ ምዘናውም የለም። በቃል ሲነገር የድምፁ ከፍታ ይለየዋል፤ «ተመዝኖ» ላይ ትንሽ ቆም ከተባለ የመጀመሪያው ነው። ስልክ ላይ ግን ድምፅ የለም። ቆም ማለቱን ለማሳየት ነጠላ ሰረዝ ቢደረግበትስ? «ተመዝኖ፣ መጋዘን አልገባም»። ትንሽ ይረዳል፤ አያረጋግጥም። አንባቢው ሰረዟን እንደ ትንፋሽ ሊያልፋት ይችላል፤ እንዲያውም በዚሁ ኢሜይል ውስጥ ሌሎቹ ሰረዞች ምንም ትርጉም ሳይኖራቸው እንደ ጨው ስለተነሰነሱ የሷን ቁም ነገር ማን ያምናል?

እዚህ የሚለወጠው አንድ ፊደል ነው፤ የሚጨመረውም አንድ። «ኖ» «ኗ» ትሆናለች፤ «ል» ትጨመራለች፦ «ሁለተኛው መኪና ተመዝኗል፤ መጋዘን አልገባም።» መሀል ላይ ድርብ ሰረዝ ማድረጌን ልብ በሉ። ሁለቱም በራሳቸው የታሰሩ ናቸው፤ ግን ስለ አንድ መኪና አንድ ወሬ ስለሚያወሩ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ያምርባቸዋል። ለዚህ የተሠራች ምልክት ድርብ ሰረዝ ናት፤ በስልክ ጽሑፍ ግን እየተረሳች ነው። አራት ነጥብ ብታደርጉም አላጣላችሁም። ነጠላ ሰረዝ ብታደርጉ ግን፣ ትርጉሙ ባይጠፋም፣ ለዝርዝር የቆመችውን ምልክት የማታውቀው ሥራ ውስጥ ከተታችኋት ማለት ነው።

ሦስተኛው ከአክብሮት የመጣ ጣጣ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የሚመጣው ከጨዋነት ነው። «ከገንዳ ውሃ ደውለው ግቢ ውስጥ እንዲያድር ፈቅደው ሹፌሩ መኪናውን አቁሟል»። ደውለው፣ ፈቅደው፤ እነማን? በአማርኛ «እነሱ ደውለው»፣ «እሳቸው ደውለው»፣ «እርስዎ ደውለው» ሦስቱም አንድ ቅርጽ ናቸው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ሲያነቡ «እኔ ነኝ እንዴ የፈቀድኩት?» ሊሉ ይችላሉ። የግዢ ኃላፊው ሊሆኑ ይችላሉ። የዞኑ ከተማ ገንዳ ውሃ ነውና ከአንድ መሥሪያ ቤት የደወሉ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገ ጭነቱ ቢረጥብ «ማን ፈቀደ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ዕለት ሁሉም ወደዚህ ኢሜይል ይመለሳል፤ ኢሜይሉ ደግሞ ማንንም አይጠራም።

የዱሮ ሰዎች ደብዳቤያቸውን «ይድረስ ከ…፣ የተላከ ከ…» ብለው ሲጀምሩ ማን ለማን እንደሚናገር ከነገሩ በፊት ያስታውቁ ነበር። ኢሜይል ይህን ከራስጌው ላይ በራሱ ስለሚጽፍ እኛ ተዘናግተናል። ራስጌው ግን የሚነግረን ላኪውንና ተቀባዩን ብቻ ነው፤ መሀል ላይ የገባውን ሦስተኛ ሰው አያውቀውም።

እዚህ ምልክት አይበቃም። «ፈቅደው»ን «ፈቅደዋል» አድርገን አራት ነጥብ ብናኖርበት ሐሳቡ ይታሰራል፤ ባለቤቱ ግን አሁንም አይታወቅም። ስለዚህ ሁለት ቃል እንጨምራለን፦ «የግዢ ኃላፊው ከገንዳ ውሃ ደውለው ግቢ ውስጥ እንዲያድር ፈቅደዋል። ሹፌሩ መኪናውን አቁሟል።» በጥቂቱ የማረም ወሰኑ እዚህ ላይ ነው። ነጥብ ሁለት ሐሳብ መለየት ይችላል፤ ያልተጻፈ ስም ግን አያወጣም። «ደውለው» ባለበት ቀርቷል፤ የደወሉትም የፈቀዱትም አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ድርጊት አልፏል።

የቀረችው «ትናንት ማታ» ናት። «የመጀመሪያው መኪና ደርሷል ትናንት ማታ 120 ኩንታሉ ተራግፏል»። አፋችን ላይ እንዲህ እንናገራለን፤ ግሱን ከዘጋን በኋላ የረሳነውን ከኋላ እንቀጥላለን፦ «መጥቷል፣ ትናንት»። በንግግር ያምራል። በጽሑፍ ግን ያቺ የጊዜ ቃል ሁለት በር መካከል ትቀራለች፤ የፊተኛው ሐሳብ ጭራ ናት ወይስ የኋለኛው ራስ? ሠራተኛው ሊል የፈለገው መኪናው ትናንት ማታ ደረሰ፣ ዛሬ ጠዋት ተራገፈ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ማታ ተራገፈ ብለው ካነበቡ የጫኝና አውራጆቹን የሌሊት ክፍያ በልባቸው መደመር ይጀምራሉ።

ሁለት መንገድ አለ። «ማታ» ከሚለው በኋላ አራት ነጥብ ማድረግ ይበቃል። እኔ ግን ቃሉን ከግሱ በፊት ማሳለፍ ይሻለኛል፦ «የመጀመሪያው መኪና ትናንት ማታ ደርሷል። 120 ኩንታሉ ተራግፏል።» ምክንያቴ ጉራ አይደለም። ኢሜይል ተቀድቶ ወደ ሌላ መልእክት ሲተላለፍ፣ ወይም ሰው በችኮላ ሲያነበው፣ ነጥብ ይጠፋል፤ «ደርሷል» ግን አይጠፋም። ማሰሪያው በቦታው ከሆነ ነጥቡ ቢረሳ እንኳ በሩ ተዘግቷል።

ስለ ነጥቡ ካነሣን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቀድሞ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ ነበር፤ አራት ነጥብም ከሱ እጥፍ ሆኖ ይቆም ነበር። ዛሬ የቃሉ መለያ ባዶ ቦታ ሆኗል። ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ደርድረን አራት ነጥብ እናስመስላለን። ለሰው ዓይን ልዩነት የለውም። ለኮምፒዩተር ግን አራት ነጥብ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው አንድ ፊደል ነው፤ የተደረደሩት ደግሞ ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ስትፈልጉት አታገኙትም። ቁልፉ ስልካችሁ ላይ የት እንዳለ አንድ ቀን ፈልጉት።

እንግዲህ ሙሉው ይኸውና፦

«ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያው መኪና ትናንት ማታ ደርሷል። 120 ኩንታሉ ተራግፏል። ሁለተኛው መኪና ተመዝኗል፤ መጋዘን አልገባም። የግዢ ኃላፊው ከገንዳ ውሃ ደውለው ግቢ ውስጥ እንዲያድር ፈቅደዋል። ሹፌሩ መኪናውን አቁሟል። ደመና ስላለ ሸራ ገዝቻለሁ። ጭነቱን ሸፍኜ ላሳድረው ወይስ ዛሬ ማታ ይራገፍ? መልስዎን እጠብቃለሁ።»

38 ቃል የነበረው 40 ሆነ። ሦስት ግሶች ከቦዝነት ወጥተው ታሰሩ፤ አንድ የጊዜ ቃል ቦታ ለወጠች፤ ሁለት ቃል ተጨመረ፤ ምልክቶቹም ተስተካከሉ። የነገሩ ቅደም ተከተል፣ የሠራተኛው አነጋገር፣ ሰላምታው፣ ሁሉም የራሱ ነው። ይህ ሰው ነገ ኢሜይሉን ቢያየው «የኔ ነው» ይላል። ከላይ እስከ ታች አዲስ አድርገን ብንጽፍለት ኖሮ ግን የሚማረው ነገር አልነበረም፤ የሰው ደብዳቤ ተሰጠው እንጂ። ሥራ አስኪያጁም አሁን በአንድ ቃል መመለስ ይችላሉ፦ «ይራገፍ።»

ይህን ሰምታችሁ ቦዝ አንቀጽን ሁሉ አሳዳችሁ እንዳትገድሉት አደራ። አንድ ነገር በተራ ሲሄድ ከቦዝ የተሻለ የለም። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ፣ ደርቆ ይራገፋል፤ ይህን በአራት ነጥብ ብትቆራርጡት የሕፃን ንባብ ይመስላል። እዚህ የሚሠራበት አንድ ነው፤ ሰሊጡ። ጊዜው አንድ ነው፤ በየዓመቱ። ነጠላ ሰረዟም ተራ ቆጣሪ ናትና በቦታዋ ናት። ያየነው ችግር የሚመጣው ባለቤቱ መሀል መንገድ ላይ ሲለወጥ፣ ወይም ያለቀውና ያላለቀው በአንድ ገመድ ሲታሰር ነው።

ሌላ ወጥመድም አለ። ሁለት የታሰሩ ዓረፍተ ነገሮች በሰረዝ ተለጥፈው ያየ ሰው ፈጥኖ «ና» ይጨምርባቸዋል። «ሰነዱ ደርሷል፣ መኪናው ተለቋል» የሚለውን «ሰነዱ ደርሷልና መኪናው ተለቋል» ያደርገዋል። አሁን ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «ደርሷልና» ማለት «ስለ ደረሰ» ማለት ነው፤ መኪናው የተለቀቀው በሰነዱ ምክንያት ሆነ። እንደዚያ ከሆነ መልካም። መኪናው የተለቀቀው በሌላ ሰነድ ከሆነ ግን፣ አንዲት ፊደል ኬላው ላይ ያልተደረገ ነገር አስመሰከረች። «ደረሰና ተለቀቀ» ሲሆን ተራውን ብቻ ይናገራል፤ «ደርሷልና» ሲሆን ምክንያት ይሆናል። ስታጠራጥራችሁ አራት ነጥብ አድርጉና ተዉት። ነጥብ ምክንያት አይፈጥርም።

ከመካከላችሁ ለእርዳታ ድርጅቶች የምትሠሩ ትኖራላችሁ። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በዚህ ኬላ በኩል የገባው ሰው ብዙ ነው፤ ከሰዉ ጋርም በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ኢሜይል ገብቷል። እዚያ ላይ የአማርኛ ጆሯችን ያታልለናል። ግሱን ጽፈን፣ ነገሩ እንዳለቀ ተሰምቶን፣ ኮማ አድርገን እንቀጥላለን። በእንግሊዝኛ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አይያያዝም፤ ወይ ነጥብ፣ ወይ ነጥብ ያለባት ኮማ፣ ወይ ከኮማው ጋር «እና»ን ወይም «ግን»ን የሚተካ አጭር ማያያዣ ያስፈልገዋል። «ሀውኤቨር» ማያያዣ ይመስላል፤ ግን አይደለም፤ ከፊቱ ነጥብ ይፈልጋል። ጥርጣሬ የገባችሁ ቦታ ሁሉ ኮማዋን ነጥብ አድርጓት፤ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ትልቅ አድርጉ። ሁለት ንክኪ ነው።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። ገንዘብ ያዥ ለአለቃው የጻፈው ነው እንበል፤ ነጥቡ በቦታው ነው፤ አንድም ሰረዝ የለበትም፦

«የነጋዴውን ገንዘብ ተቀብዬ ደረሰኝ አልቆረጥኩም።»

ገንዘቡ ካዝናው ውስጥ አለ ወይስ የለም? እስቲ ከኋላ ወንበር ያላችሁት ጀምሩ።